ፊደላችን አልከበደም፤ ጽሑፋችን ነው የተደበቀው!

ወገን፣ አንድ ነገር ሞክሩ። ያንኑ ጥያቄ ለአንዱ ኤአይ አንዴ በእንግሊዝኛ፣ አንዴ በአማርኛ ጻፉለት። የእንግሊዝኛው መልስ ቀጥ ያለ ይመጣል። የአማርኛው ግን እህታችንን «መጣ» ይላታል፤ «አላደረገም» ማለት ሲገባው «አደረገ» ብሎ ያልፋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ፊደል መሀል ላይ ተሰብሮ � ይሄን የመሰለ ምልክት ይተፋል።

ይሄን ያየ ወጣት ከሁለት አንዱን ሲል እሰማለሁ። ወይ «ነጮቹ ሆን ብለው ነው» ይላል። ወይ ደግሞ «አማርኛ ለቴክኖሎጂ አይመችም፣ በቃ በእንግሊዝኛ ተጠቀሙ» ይላል። ሁለቱም ስህተት ነው። ሁለቱም ደግሞ እጃችንን አጣጥፈን እንድንቀመጥ ያደርጉናል። እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ማሽኑ «ሀ ሁ» አልቆጠረም። የሚያየው ቁጥር ነው። የምንጽፈው ሁሉ መጀመሪያ ባይት ወደሚባሉ ቁጥሮች ይለወጣል። ዛሬ ዓለም በሚጠቀምበት ዩቲኤፍ-8 አሠራር አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ነው፤ አንድ የኛ ፊደል 3 ባይት ነው። ከዚያ መቁረጫው ይመጣል። መቁረጫው ከተሰበሰበ ጽሑፍ ላይ አብረው ደጋግመው የሚመጡ ባይቶችን እየቆጠረ ያጣብቃል። የተጣበቁትን ደግሞ መልሶ ያጣብቃል፤ የተወሰነለት ቁጥር፣ ለምሳሌ 100 ሺህ ወይም 200 ሺህ ቁራጭ፣ እስኪሞላ ድረስ። እያንዳንዱ ቁራጭ ቶክን ይባላል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ዳኛው ድግግሞሽ ብቻ ነው። ጥላቻም ፍቅርም የለበትም። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሞልቶ ስለፈሰሰ ቃሎቹ ሙሉ ለሙሉ ቦታ ያገኛሉ። የኛ ስላነሰ ተራው ሳይደርሰን ቦታው ያልቃል።

ምሳሌ እንውሰድ። «አልነገርኳቸውም» አንድ ቃል ነው። 9 ፊደል፣ ማለትም 27 ባይት። ይሄው ሐሳብ በእንግሊዝኛ አምስት አጫጭር ቃላት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም አምስት ቶክን። የኛ ግን መቁረጫው ምንም ካላጣበቀለት እስከ 27 ቁራጭ ይደርሳል። ጥቂቱ ቢጣበቅለት እንኳ ብዙ ፍርፋሪ ሆኖ ነው የሚገባው። አሁን አስቡት፦ አሉታው ያለው ፊት ባለው «አል» እና መጨረሻ ባለው «ም» ላይ ነው። ማሽኑ ይሄን ሁሉ ፍርፋሪ አንድ በአንድ እየገመተ ነው የሚጽፈው። መሀል ላይ አንዷን ከሳተ «አልነገርኳቸውም» ተበላሽቶ «ነገርኳቸው» ይሆናል። የአንድ ፊደል ሦስት ባይት ሳይሟላ ከቀረ ደግሞ ያ � የሚባለው ጉድ ይወጣል።

ኪሳችንንም ይነካል። አገልግሎቱ ለፕሮግራመሮች የሚሸጠው በቶክን ቆጠራ ነው። ስለዚህ አማርኛ የሚናገር አፕ ልሥራ ያለ ወጣት ለዚያው ሐሳብ ከእንግሊዝኛው እጥፍ ድርብ ይከፍላል።

«እና ፊደሉ ነው ጥፋተኛው?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም! ማስረጃው ሕንድ ውስጥ አለ። ጉጅራቲ የራሱ ፊደል አለው፤ ፊደሉም እንደኛው በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ነው። በ2024 ኦፕንኤአይ ጂፒቲ-4ኦን ሲያወጣ መቁረጫውን ቀየረ። በማሳያነት ያቀረበው አንድ የጉጅራቲ ጽሑፍ ከ145 ቶክን ወደ 33 ወረደ። ፊደሉ ያው ነው፣ ባይቱም ያው ነው፤ የተለወጠው መቁረጫው ብቻ ነው። ያኔ ለማሳያ ከተዘረዘሩት 20 ቋንቋዎች ውስጥ ግን አማርኛ አልነበረም። ስለዚህ «አይመችም» የሚለው ወሬ እዚህ ጋ አበቃ።

ግን ራሳችንን አናታልል። መቁረጫ ብቻውን አያድነንም። ማሽኑ ቃሉን ሙሉ አድርጎ ቢቆርጠውም፣ በቂ ጊዜ ካላየው ምን ማለት እንደሆነ አይማረውም። አማርኛ ደግሞ ብዙ ማየት የሚፈልግ ቋንቋ ነው። «ነገረ» እና «ንግግር» የሚለውን ተመልከቱ። ለኛ ዘመዳማች ናቸው። ለማሽኑ ግን አንድም የጋራ ፊደል የላቸውም፤ ነ ሌላ፣ ን ሌላ ነው። ዝምድናቸውን የሚያውቀው በሺህ የሚቆጠር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲያገኛቸው ነው።

ታዲያ ያ ዓረፍተ ነገር የታለ? ብዙ ኤአይ የሚማርበት ኮመን ክሮል የሚባል የድረ ገጽ ክምችት አለ። ከዚያ ውስጥ እንግሊዝኛው ከ40 በመቶ በላይ ነው። አማርኛ ከመቶ አንድ መቶኛ እጅ እንኳ አይሞላም። የአማርኛ ዊኪፔዲያ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፍ ነው ያለው። አይስላንድ ሕዝቧ 400 ሺህ ገደማ ነው፤ የአዲስ አበባን ሩብ እንኳ አይሆንም። የእነሱ ዊኪፔዲያ ግን የኛን ብዙ እጥፍ ነው። ከዚያም አልፈው ጋዜጣቸውን፣ የፓርላማ ንግግራቸውንና ሕጋቸውን ሰብስበው ከ1 ቢሊዮን ቃል በላይ ያለው ክምችት ለተመራማሪ ክፍት አድርገዋል። በ2023 ጂፒቲ-4 ሲወጣ አይስላንድኛ እንዲሻሻል ከኦፕንኤአይ ጋር አብረው ሠሩ። ስለዚህ ጉዳዩ የሕዝብ ቁጥር አይደለም።

እኛ የምንጽፈው አጥተን ነው? አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ይታተማል! ያለን ጽሑፍ ግን ተቆልፎበታል። የድሮው ጋዜጣና መጽሐፍ ወረቀት ላይ ነው። ነጋሪት ጋዜጣው ብዙው ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ፣ ማለትም ፎቶ ነው። ዩኒኮድ ፊደላችንን በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከመመዝገቡ በፊት በወጡ ፎንቶች የተጻፈው ደግሞ ውስጡ የላቲን ኮድ ነው፤ ያለ ፎንቱ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የእንግሊዝኛ ፊደል ክምር ነው የሚሆነው። የዛሬው ወሬያችን ደግሞ ፌስቡክና ቴሌግራም ውስጥ ነው፤ አብዛኛው ከውጭ መጥቶ ለሚሰበስብ ማሽን ዝግ ነው።

አሁን የሚጎመዝዘውን ልበል። ይሄ ገጻችን ራሱ በሳምንት ስንት ፖስተር ይለጥፋል? በባንዲራ ያሸበረቀ ፎቶ ላይ የተጻፈ ጽሑፍ ለማሽኑ ፎቶ ነው። «ፊደላችን ኩራታችን» ብለን ፖስት እናደርጋለን፣ ከሥሩ ደግሞ በላቲን ፊደል እንጨቃጨቃለን። ዓለም፣ አለም፣ ኣለም እያልን አንዱን ቃል ሦስት ቦታ እንበትነዋለን፤ ያለችንን ትንሽ ድግግሞሽ ራሳችን ለሦስት እንከፍላታለን።

ስለዚህ የኔ ጥያቄ አጭር ነው። ገጻችን ፖስተር ሲለጥፍ ያንኑ ጽሑፍ ከሥሩ በፊደል ይጻፍ፤ ክፍት በሆነ ድረ ገጽም ይቀመጥ። እንደኔ ዲግሪ ይዞ ሥራ እየፈለገ ያለ ሁሉ በተማረበት ሙያ አንድ የዊኪፔዲያ ጽሑፍ ከራሱ ጭንቅላት ይጻፍ። በማሽን ተርጉሞ አይለጥፍ፤ የተበላሸ አማርኛ ብንጨምር ማሽኑ ያንኑ ብልሽት መልሶ ይማረዋል። መንግሥትንም እንጠይቅ፦ ሕጋችን፣ የፓርላማ ቃለ ጉባኤያችን፣ የመማሪያ መጻሕፍታችን በፎቶ ሳይሆን በዩኒኮድ ጽሑፍ ይውጡልን።

ፊደል ያቆዩልን አባቶቻችን ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው ነው። ከኛ የሚጠበቀው ኪቦርዱን ወደ አማርኛ መቀየር ነው። እሱ ካቃተን ነጮቹን ለመውቀስ አፍ የለንም።

ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ከሥር ሐሳባችሁን ጻፉ። በፊደል!