የተመጣጠነ ቡድን፣ ያልወጣ ዕጣ

በዱከም ምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን አንድ የጫማ ፋብሪካ አለ እንበል። አንገትና ወገባቸውን የሚያማቸው 24 ሠራተኞች፣ 12 ሴትና 12 ወንድ፣ ለአንድ ትንሽ ጥናት ፈቃደኛ ሆነዋል። የፋብሪካው ነርስ በፈረቃው መሐል የአሥር ደቂቃ የሰውነት ማፍታቻ ሕመሙን ይቀንስ እንደሆነ ማወቅ ትፈልጋለች። ግማሾቹ ማፍታቻውን ይሠራሉ፣ ግማሾቹ ማነጻጸሪያ ሆነው እንደ ወትሮው ይቀጥላሉ። የፈረቃ አለቃው ዝርዝሩን ይቀበልና ስድስት ሴትና ስድስት ወንድ ወዲህ፣ የቀሩትን ወዲያ አድርጎ፣ ዕድሜውንም አመጣጥኖ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ይጨርሰዋል። ሠንጠረዡ እንከን አይወጣለትም። ጥናቱ ግን እዚያው ላይ ተበላሽቷል።

አለቃው ሲመድብ ያየው ጾታና ዕድሜን ብቻ አይደለምና። ማን ትጉህ እንደሆነ፣ ማን በየሳምንቱ እንደሚቀር፣ ማን ሥራውን ሊለቅ እንደሚያስብ ያውቃል። ሳያስበውም ቢሆን ትጉሆቹን ወደ ማፍታቻው ያደላል። ከሁለት ወር በኋላ ልዩነት ቢታይ ያመጣው ማፍታቻው ይሁን የሰዎቹ ጠባይ መለየት አይቻልም። በዕድሜና በጾታ መመጣጠን ዕጣ ለመውጣቱ ማስረጃ አይሆንም።

«እንግዲያው ዝም ብሎ ዕጣ ማውጣት ነዋ» የሚል አይጠፋም። በብዙ ሺህ ሰው ላይ ቢሆን ልክ ነው። በ24 ሰው ላይ ግን ዕጣ ራሱ ያዘነብላል። ከእነዚሁ መሐል 12ቱን በዕጣ ብናወጣ፣ ሴቶቹ ስድስት በስድስት የሚከፈሉት ከሦስት ጊዜ አንዴ ገደማ ብቻ ነው። ከአምስት ጊዜ አንዴ ገደማ ደግሞ አንደኛው ቡድን ስምንት ወይም ከዚያ በላይ ሴት ይደርሰውና ለሌላው አራት ወይም ከዚያ በታች ይቀራል። ሴቶቹ በአብዛኛው ስፌት ላይ፣ ወንዶቹ በአብዛኛው ቆረጣ ላይ የሚውሉ ከሆነ ይህ ቀላል መዛነፍ አይደለም።

መፍትሔው ሁለቱን በቅደም ተከተል ማድረግ ነው፤ መጀመሪያ መከፋፈል፣ ከዚያ በየክፍሉ ዕጣ። ከ30 ዓመት በታች ያሉ ሴቶች ስምንት፣ ከዚያ በላይ ያሉት አራት፤ ወንዶቹ በሁለቱም ዕድሜ ስድስት ስድስት ቢሆኑ፣ አራት ምድብ አለን። ለስምንቱ ወጣት ሴቶች አራት «ሀ» እና አራት «ለ» ተጽፎ ይደባለቃል፤ በሌሎቹም እንደዚሁ ግማሽ በግማሽ። አሥራ ሁለት በአሥራ ሁለት ይወጣል፤ ጾታና ዕድሜ ተመጣጥነዋል፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ የት እንደሚገባ የወሰነው ግን ዕጣው ብቻ ነው።

መንገዱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 ውጤቱ የታተመው የብሪታንያ የስትሬፕቶማይሲን ጥናት የተሠራው በ107 የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ላይ ነበር። ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል የዕጣውን ተራ ለየሆስፒታሉ፣ በየሆስፒታሉም ለየጾታው ለብቻ አዘጋጀ። የዕጣው ውጤት በታሸገ ፖስታ ውስጥ ነበር፤ በላዩ የሆስፒታሉ ስምና ቁጥር ብቻ ተጽፏል። ሕመምተኛው ለጥናቱ ተቀባይነት ሳያገኝ ፖስታው አይከፈትም። በስድስት ወር መድኃኒቱን ካገኙት 55 ሰዎች አራቱ፣ ካላገኙት 52 ሰዎች 14ቱ ሞቱ።

የጥናቱ ጉልበት ያለው በፖስታው ላይ ነው። ለእኛ ሰው ደግሞ ከባዱ ይኼን የታሸገ ዕጣ ሳይነኩ መቀበል ነው። ዕቁብ ላይ ዕጣ የሚታመነው ሁሉም እያየ ስለሚወጣ ነው፤ ዕድሉ የደረሰው ሰውም ሠርግ ወይም ሐዘን ላለበት ወዳጁ ተራውን ቢለቅ ደግ ይባላል። በጥናት ውስጥ ያ ደግነት ነው የሚያፈርሰው። «እሷ ልጆች አሏት፣ ወገቧም ብሷል፣ ማፍታቻው ውስጥ ትግባ» የሚል አለቃ ክፉ ሰው አይደለም፤ ዕጣውን ግን ሽሮታል።

ሠራተኞቹ ባንድ ቀን ሳይሆን በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየተመዘገቡ ከሆነ ችግሩ ይብሳል። ያን ጊዜ በየምድቡ ሁለት «ሀ» ሁለት «ለ» እያሉ በአራት በአራት መደልደል የተለመደ ነው። ግን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ያየች መዝጋቢ አራተኛውን ታውቃለች፤ «ነገ ተመለሺ» ብላ አንዷን ማዘግየት፣ ሌላዋን ማስቀደም ትችላለች። ስለዚህ አንዳንዱን ድልድል በሁለት፣ አንዳንዱን በአራት አቀላቅሎ መጠኑን ከመዝጋቢዋ መደበቅ ያሻል። ተራውንም የሚያዘጋጀው ከፋብሪካው ውጭ ያለ ሰው ይሁን። አንዳንዱን ማጭበርበር መዝገቡ ያሳብቃል፤ የፖስታ ቁጥሮች ተራቸውን ይዘልላሉ፣ አለዚያም ፖስታው የተከፈተበት ሰዓት ሠራተኛዋ ከተመዘገበችበት ሰዓት ይቀድማል።

ታዲያ የሥራ ዘመንና የመኪናው ዓይነት ለምን አይጨመሩም? በአራት ነገር ሁለት ሁለት ብንከፍል 16 ምድብ ይሆናል፤ 24 ሰው ሲበተን ብዙው ምድብ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይይዛል። አንድ ሰው ግማሽ በግማሽ አይከፈልም፤ የፈለግነው ሚዛን ከእጃችን ይወጣል። በእኔ ግምት እዚህ ሁለት መለያ ይበቃል። ከዕድሜ ይልቅ የመጀመሪያው የሕመም መጠን ውጤቱን ሊወስን ይችላልና እሱ አስቀድሞ ተለክቶ በውጤቱ ስሌት ውስጥ ይግባ፤ አራቱ ምድቦችም በስሌቱ አይረሱ።

የቀረው ሥራ የለቀቁትን መከታተል ነው። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ለሥራ ያመለከቱ አንድ ሺህ ገደማ ሰዎችን በዕጣ ሲመድቡ፣ የፋብሪካ ሥራ ካገኙት ውስጥ ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር ለቀቁ፤ ዓመት ሳይሞላ ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ሄደው ነበር። ተመራማሪዎቹ የለቀቁትንም በወጣላቸው ዕጣ ቆጠሯቸው። በዱከሟ ጥናትም ማፍታቻው ደርሷት በሦስተኛው ሳምንት የተወችው ሠራተኛ ሕመሟ ይለካል፣ በማፍታቻው ቡድን ትቆጠራለች።