«የለም» ሲባል ምን ይጠየቅ?

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ በተጀመረበት ጊዜ፣ ከደቡብ ወሎ የተመረጠው ተሁለደሬ ወረዳ ነበር። ዛሬ በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉት የደጋ ወረዳዎችም የመዋጮውን ነገር ለአባሉ የሚያስረዱት፣ ቅሬታውንም በቅድሚያ የሚሰሙት የገበሬ ማኅበርና የቀበሌ መሪዎች ናቸው። ከቅሬታዎቹ አንዱ «መዋጮ ከፍዬ፣ ታክሜ፣ መድኃኒቱን የለም አሉኝ» የሚል ነው። ይህን ቅሬታ ለመፍታት በቅድሚያ መታወቅ ያለበት፣ «የለም» የሚለው ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ሊያመለክት እንደሚችል ነው።

እያንዳንዱ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል የሚይዛቸው መድኃኒቶች ዝርዝር አለው። ዝርዝሩ ከአገር አቀፉ መሠረታዊ የመድኃኒቶች ዝርዝር ላይ፣ በተቋሙ የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ ተመርጦ ይወጣል። የጤና ጣቢያ ዝርዝር ከሆስፒታል ዝርዝር ያጠረ ነው። ስለዚህ በሆስፒታል የታዘዘ መድኃኒት በጤና ጣቢያ ላይገኝ ይችላል።

የመጀመሪያው «የለም» የስም ጉዳይ ነው። አንድ መድኃኒት ሁለት ስም አለው፤ አንደኛው የንጥረ ነገሩ መጠሪያ፣ ሁለተኛው ፋብሪካው ለገበያ ያወጣለት ስም ነው። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ የቦረና ወረዳ ገበሬ ለደም ግፊት «ኖርቫስክ 5 ሚሊ ግራም» ታዝዞለት ወደ ጤና ጣቢያ መጣ እንበል። ኖርቫስክ የንግድ ስም ሲሆን፣ በውስጡ ያለው መድኃኒት አምሎዲፒን ነው። በመደርደሪያው ላይ በሌላ ፋብሪካ የተሠራ የ5 ሚሊ ግራም አምሎዲፒን ካለ፣ የመድኃኒት ባለሙያው ያንኑ ሊሰጠው ይችላል። የእንክብሉ ቀለምና መጠን ቢለይም ሥራው አንድ ነው። በሽተኛው የንግድ ስሙን ብቻ ይዞ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ከሄደ ግን፣ መድኅኑ የሚሸፍንለትን መድኃኒት ከኪሱ ይገዛል።

በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያሻል። ገበሬው ቤቱ የቀረውን ኖርቫስክና አዲሱን አምሎዲፒን ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች መስለውት አብሮ ቢውጥ፣ የወሰደው መጠን እጥፍ ይሆናል። ከመቀመጫው ሲነሳ ራሱን ሊያዞረው፣ ቁርጭምጭሚቱም ሊያብጥ ይችላል። ስለሆነም መድኃኒት በተቀየረ ቁጥር አሮጌውን ማሸጊያ ይዞ መሄድና «ይህ የዚያ ምትክ ነው ወይስ ተጨማሪ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። እንደ ሚጥል በሽታ ባሉት ሕመሞች ደግሞ ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው መቀየር በሽታውን ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ ለውጡ ሐኪሙ ሳያውቀው መደረግ የለበትም።

ሁለተኛው «የለም» መድኃኒቱ በዝርዝሩ ላይ ተመዝግቦ ሳለ ከመጋዘን ያለቀበት ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱ የሐኪሙም የበሽተኛውም አይደለም። በሽተኛው መድኃኒቱ አለመኖሩ በማዘዣው ላይ ተጽፎ፣ ማኅተም እንዲደረግለት ይጠይቅ። ከዚያም የወረዳው ጤና መድኅን ውል የገባበት መድኃኒት ቤት ካለ ወደዚያው ይሂድ። ከሌላ ቦታ መግዛት ግድ ከሆነ፣ ወጪው የሚመለስ መሆን አለመሆኑን ከመግዛቱ በፊት ይጠይቅ። አሠራሩ ከወረዳ ወረዳ ሊለያይ ስለሚችል፣ የማኅበሩ መሪ የወረዳውን ደንብ አስቀድሞ አውቆ ለአባላቱ ማስታወቅ ይኖርበታል። ማዘዣውና ሕጋዊ ደረሰኙ ከጠፉ ግን የሚቀርብ ማስረጃ አይኖርም።

ሦስተኛው «የለም» መድኃኒቱ ከነጭራሹ በዝርዝሩ ላይ የሌለበት ነው። ይህኛው በመድኃኒት መስጫው መስኮት አይፈታም። ለዚሁ የደም ግፊት ቴልሚሳርታን ታዝዞ፣ በተቋሙ ዝርዝር ላይ ያለው ኤናላፕሪል ቢሆን፣ ሁለቱ የተለያዩ መድኃኒቶች ስለሆኑ ባለሙያው በራሱ ሥልጣን አይለውጥም። በሽተኛው ወደ አዘዘለት ሐኪም ተመልሶ «በዝርዝሩ ላይ ካሉት የሚሆነኝ አለ?» ብሎ ይጠይቅ። ሐኪሙ ሲመርጥ ከዚህ ቀደም የነበረውን ያገናዝባል፤ ኤናላፕሪል አንዳንዱን ሰው ደረቅ ሳል ያስይዛል፣ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም። ምትክ ካልተገኘ፣ መድኃኒቱ ወዳለበት ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት ማጻፍ ነው። ያለ ሪፈር ደሴ ድረስ የሄደ አባል ወጪው ላይሸፈንለት ይችላል።

ከሦስቱ በየትኛውም «የለም» መድኃኒቱን ማቋረጥ አይገባም። የደም ግፊት ሕመም ሳይሰማ አንጎልንና ኩላሊትን ይጎዳልና፣ «ደኅና ነኝ» ብሎ አንድ ወር መዝለል አደጋ አለው። እንክብሉ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው መሄድ፣ «የለም» ቢባል እንኳ መላ ለመፈለግ ጊዜ ይሰጣል።

የማኅበር መሪዎች አባል «የለም ተባልኩ» ብሎ ሲመጣ፣ ማዘዣውን አይተው ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ይለዩ። ያለቀ መድኃኒት በተደጋጋሚ ሲያጋጥም ስሙንና ቀኑን መዝግበው በጤና መድኅኑ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ያቅርቡ። «መድኃኒት የለም» ከሚል ጥቅል አቤቱታ ይልቅ፣ «አምሎዲፒን በዚህ ቀን ሄደን አጣን» የሚል መዝገብ መልስ የሚሻ ጥያቄ ነው።