«ከፎቶው ጋር አንድ ነው» አይበቃም

ታናሽ እህቴ ሐዋሳ ነው የምትኖረው። ባለፈው ዓመት የጓደኛዋ ሚዜ ነበረች። ሦስቱ ሚዜዎች አዲስ አበባ ስለሆኑ መርካቶ ሄደው አረንጓዴ ሳቲን ገዙ። እሷ ግን ከሥራ መውጣት ስላልቻለች፣ ጓደኞቿ የላኩላትን ፎቶ ይዛ ቴሌግራም ላይ ተመሳሳዩን ፈለገችና አገኘች። የሻጩ ጽሑፍ ሁለት መስመር ነበር፦ «ግሪን ሳቲን። ሜትሩ 900 ብር።» አራት ሜትር አዘዘች፣ 3,600 ብር ከፈለች፣ በ250 ብር ማጓጓዣ ተላከላት።

ጨርቁ ደርሶ ስትከፍተው ወደ ሰማያዊ ያደላ ነው። ከሦስቱ ጎን ብትቆም ከሌላ ሰርግ የመጣች ነው የምትመስለው። ሻጩ ጋ ደወለች። «ከፎቶው ጋር አንድ ነው እኮ! ስልክሽን ቀይሪ» አላት። እሷ ደግሞ ስልኳን እያየች «ኧረ ፎቶው ላይ አረንጓዴ ነው!» ትላለች። ጭቅጭቁ ሁለት ቀን ፈጀ።

የሚገርመው ሁለቱም አልዋሹም። እህቴ ፎቶውን ያየችው ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ስልኳ ሲመሽ ስክሪኑን ወደ ቢጫ የሚቀይረው ነገር ክፍት ነበር። ሳምሰንግ ላይ Eye comfort shield፣ አይፎን ላይ Night Shift የሚባለው ማለት ነው። ይህ ነገር የሚሠራው ከስክሪኑ ሰማያዊ ብርሃን በመቀነስ ነው። በአረንጓዴና በሰማያዊ መካከል ያለ ቀለም ላይ ሰማያዊውን ስትቀንሱበት ምን ይቀራል? አረንጓዴ። ጠዋት አጥፍታው ያንኑ ፎቶ ስታይ ሰማያዊው ብቅ አለ።

በሻጩም በኩል ችግር ነበር። ፎቶውን ያነሳው ሱቅ ውስጥ፣ ቢጫ አምፖል ሥር፣ ጨርቁ ፍሬሙን ሙሉ በሙሉ ሞልቶት ነው። የስልክ ካሜራ በራሱ ቀለም ያስተካክላል፤ ፍሬሙ በአንድ ቀለም ሲሞላ ግን ያ ቀለም ከመብራቱ የመጣ ይመስለውና ሊያጠፋው ይሞክራል። ሻጩ ደግሞ ያነሳውን የሚያየው ስክሪኑን Vivid ላይ አድርጎ ስለሆነ ሁሉም ነገር ደምቆ ነው የሚታየው። በዚህ ላይ በአረንጓዴና በሰማያዊ መካከል ያሉ አንዳንድ ደማቅ ቀለሞችን ብዙ ስክሪኖች እንዳሉ ማሳየት አይችሉም። ስለዚህ ስልክ መቀየርም አይፈታውም። ፎቶ ብቻውን የቀለም ምስክር መሆን አይችልም።

አንዳንድ ሻጮች ይህን ስለሚያውቁ ከፖስቱ ሥር «ቀለሙ እንደ ስክሪኑ ሊለያይ ይችላል» ብለው ይጽፋሉ። እኔ ይህን ማስጠንቀቂያ አልወደውም። እውነት ነው፣ ግን ገዢዋን ምንም አይነግራትም። ወደ ምን ነው የሚለያየው? በምን ያህል? ኢኮኖሚክስ ስንማር አንድ ቀላል ሐሳብ ነበር፦ ስህተቱን በትንሽ ወጪ ማስቀረት የሚችለው ሰው ኃላፊነቱን ቢወስድ ለሁሉም ይረክሳል። እዚህ ጨርቁ በእጁ ያለው ሻጩ ነው። መስኮት ጋ ወስዶ ሊያየው ይችላል፤ ገዢዋ አትችልም።

ታዲያ ምን ያድርግ? መጀመሪያ ፎቶው ውስጥ ገዢዋም ቤት ያለ ነገር ይግባ። በጣም ቀላሉ ነጭ ወረቀት ነው። ጨርቁን መስኮት አጠገብ፣ ቀጥታ ፀሐይ በማያርፍበት ቦታ ዘርጉ፤ አምፖሉን አጥፉ፤ ከጎኑ ነጭ ወረቀት አስቀምጡ፤ ያለ ፊልተር አንሱ። ወረቀቱ ካሜራው ነጩን እንዲያገኝ ይረዳዋል። ገዢዋም የራሷን ወረቀት ከስክሪኑ ጎን ትይዛለች። በስክሪኑ ላይ ያለው ወረቀት ቢጫ ከመሰለ፣ ጨርቁም በዚያው ልክ ቢጫ ተጨምሮበታል ማለት ነው። ያን ጊዜ የማታውን ፊልተር አጥፍታ እንደገና ታያለች። እህቴ ይህን ብታደርግ ኖሮ ያኔውኑ ማታ ትነቃ ነበር።

ወረቀት የሚነግረን ግን ፎቶው ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ መጋደሉን ነው፤ የጨርቁን ቀለም ራሱን አይደለም። ሁለተኛው ነገር ጽሑፉ የሚሆነው ለዚህ ነው። «ግሪን» ስም ነው እንጂ መግለጫ አይደለም። የጎመን ቅጠልም ግሪን ነው፣ ያልበሰለ ሎሚም ግሪን ነው። ጥሩ መግለጫ ቀለሙ ወደ የት እንደሚያደላ፣ ጠቆር ወይም ፈዘዝ ማለቱን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምን እንዳልሆነ ይናገራል። የእህቴ ጨርቅ እንዲህ ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ፦

«አረንጓዴ ነው፣ ግን ወደ ሰማያዊ በግልጽ ያደላል። የጎመን ቅጠል አረንጓዴ አይደለም። ጠቆር ያለ ነው፤ ሳቲን ስለሆነ ብርሃን ሲያርፍበት ፈዘዝ ይላል። ፎቶው የተነሳው ጠዋት በመስኮት ብርሃን ነው፤ ከጎኑ ያለው ነጭ ወረቀት ነው።»

«የጎመን ቅጠል አረንጓዴ አይደለም» የሚለውን ስታነብ ትተወው ነበር፤ ምክንያቱም የጓደኞቿ ልክ እንደዚያ ነው። ሻጩ አንድ ደንበኛ ያጣል ትሉ ይሆናል። ያጣው ግን ሊመልስበት የነበረን ደንበኛ ነው። ጎመን፣ እርድ፣ የተቆላ ቡና ስንል ማንኛችንም ስክሪን አያስፈልገንም። በርበሬ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ የእናንተ ቤትና የጎረቤት በርበሬ ቀለሙ አንድ አይደለም። ማመሳከሪያ የሚሆነው ቤት በተለወጠ ቁጥር የማይለወጥ ነገር ነው።

ይህም ቢሆን ወሰን አለው። ልክ እንደ ሚዜ ልብስ ከሌላ ጨርቅ ጋር በትክክል መግጠም ያለበት ነገር ሲሆን ፎቶም ጽሑፍም አይበቃም። በአምፖል ሥር አንድ የሚመስሉ ሁለት ጨርቆች ፀሐይ ላይ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ማቅለሚያቸው ሲለያይ ብርሃኑን የሚመልሱበት መንገድም ይለያያልና። ቪዲዮ ኮልም ያው ካሜራ፣ ያው ስክሪን ነው። ያን ጊዜ ጣት የምታህል ቁራጭ አስልኩና በቀን ብርሃንም በመብራትም ከሌላው ጋር አስተያዩ።

እህቴ በመጨረሻ ጨርቁን መለሰች። 250 ብር መላኪያ፣ 250 ብር መመለሻ፣ 500 ብር መንገድ ላይ ቀረ። ሻጩም የተቆረጠ አራት ሜትር ይዞ ቀረ። መስኮት ጋ ሄዶ ፎቶ ማንሳትና አራት ዓረፍተ ነገር መጻፍ አምስት ደቂቃ ነው።

ስለዚህ እኔ የምለው ደንብ ይህ ነው፤ ከክፍያ በፊት ተነጋገሩበት። የመጣው ዕቃ ከጽሑፉ ጋር ካልገጠመ የመመለሻውን ሻጭ ይክፈል። ከጽሑፉ ጋር ገጥሞ ገዢዋ ሐሳቧን ከቀየረች እሷ ትክፈል። በፎቶ ከተከራከርን ሁለታችንም ስልካችንን እያሳየን «ይኸው!» እንባባላለን። በጽሑፍ ከተከራከርን ግን ሁለታችንም የምናነበው አንድ ነገር ነው፤ «ወደ ሰማያዊ ያደላል» የሚለው ቃል ደግሞ በየትኛውም ስልክ ላይ ያው ነው።