ከአስሩ ቀሚስ ትርፉ የትኛው ነው?

ከሺኢን ወይም ከቴሙ ልብስ አዝዛ ለጓደኞቿ በትርፍ የምትሰጥ እኅት በየሰፈራችን አትጠፋም። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ስልክ ላይ መርጦ ማዘዝ፣ ሲመጣ ዋጋ ጨምሮ መስጠት። ግን ብዙ ጊዜ ትርፍ የተባለው ገንዘብ በኪስ ሳይሆን ሻንጣ ውስጥ ተጣጥፎ ይቀራል። የኛ አቋም አጭር ነው፦ ገዢዋ ሳትታወቅና ቀብድ ሳትከፍል ዕቃ አይታዘዝ። ምክንያቱን በአንድ ምሳሌ እናሳይ።

አንዲት እኅት እያንዳንዱ 32 ሪያል የሆነ አስር ቀሚስ አዘዘች እንበል። ዕቃው 320 ሪያል ነው። ሲደርስ በእጅ ለመክፈል የሚጨመረው 15 ሪያል፣ ለገዢዎቹ ለማድረስ ታክሲ 25 ሪያል። ጠቅላላ 360፣ ማለትም አንዱ ቀሚስ 36 ሪያል ቆመባት። 15 በመቶው ግብር በዋጋው ውስጥ መካተቱን ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት የመጨረሻው ሒሳብ ላይ እዩ። በ55 ሪያል ብትሸጥ 550 ታገኛለች፤ ትርፉ 190 ነው። በወረቀት ላይ ጥሩ ነው።

አሁን በሌላ በኩል እንቁጠረው። ስድስት ቀሚስ ስትሸጥ የገባላት 330 ነው፤ ገና ዋናዋን አልመለሰችም። ሰባተኛው ሲሸጥ ነው 25 ሪያል የምታተርፈው። እውነተኛው ትርፍ ያለው በስምንተኛው፣ በዘጠነኛውና በአስረኛው ቀሚስ ነው። የማይሸጡት ደግሞ ሁልጊዜ እነዚያ የመጨረሻዎቹ ናቸው፦ የጠበበው፣ ቀለሙ ከፎቶው የተለየው፣ በዱቤ ተወስዶ ባለዕዳዋ ኹሩጅ ወጥታ የሄደችበት። ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት ጠቅላላ ወጪውን ለመሸጫ ዋጋው አካፍሉና ዋናው በስንተኛው ዕቃ እንደሚመለስ እወቁ። ከአስሩ ሰባቱ ለዋናው የሚሄዱ ከሆነ፣ ቢያንስ ሰባት ቀብድ የከፈሉ ሰዎች ሊኖሩ ይገባል። ቀብዱም ዕቃው የቆመበትን ያህል፣ እዚህ 36 ሪያል ይሁን። ያኔ ገዢዋ ብትቀር እንኳ ዋናው አይነካም።

“ካልተሸጠ እመልሰዋለሁ” የሚለው መጽናኛ ግን ብዙ አያስኬድም። በ2019 በወጣው የሳዑዲ የኤሌክትሮኒክ ንግድ ሕግ፣ ገዢ ዕቃው ከደረሰው በ7 ቀን ውስጥ፣ ካልተጠቀመበት፣ ግዢውን መተው ይችላል። በውል ሌላ ካልተስማሙ የመመለሻው ወጪ የገዢው ነው። አንዳንድ ሱቆች ከዚህ የረዘመ ጊዜ ይሰጣሉ። ነገር ግን ቀኑ የሚቆጠረው ዕቃው ለእናንተ ከደረሰበት ነው፣ ጓደኛችሁ ከለካችበት አይደለም። እሑድ የደረሰን ዕቃ ዓርብ ዕረፍት ስትወጡ ብታሳዩ፣ ከሰባቱ ቀን አምስቱ አልፏል። ቀሚሱ ሲለካ ዕጣን ወይም ሜካፕ ከነካው፣ ወይም መለያ ወረቀቱ ከተቀደደ፣ ላይቀበሉት ይችላሉ። የውስጥ ልብስ፣ መዋቢያና ጌጣጌጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ስለዚህ እነሱን በቀብድም ቢሆን በጥንቃቄ እዘዙ።

ቢመለስስ? ሁለት ቀሚስ ቀሩ እንበል። ቢመለሱ 64 ሪያል፤ ለማድረስ 20 ሪያል ቢወጣ 44 ይተርፋል። እዚያው አንዱን በ30 ሪያል ብትሰጧቸው ግን 60 ታገኛላችሁ። በቅናሽ መሸጡ ይሻላል ማለት ነው። መመለስ የሚያዋጣው ዕቃው ተበላሽቶ ወይም ተሳስቶ ሲመጣ ነው። ለዚህ ጥቅሉን ስትከፍቱ በቪዲዮ ቅረጹ፣ መለያውንም ሳትበጥሱ አስለኩ። የልብሱን መጠን በትልቅና በትንሽ ሳይሆን ዝርዝሩ ላይ ባለው ሴንቲሜትር ከገዢዋ ልክ ጋር አስተያዩ፤ ያኔ የሚመለሰው ይቀንሳል።

አንድ ነገር አትርሱ፦ ተመላሽ ገንዘብ የሚገባው ወደ ተከፈለበት ካርድ ወይም በአፕሊኬሽኑ ውስጥ ወዳለ ሒሳብ ነው። በማዳም ካርድ ወይም አካውንት ከታዘዘ፣ ገንዘቡ ወደ እሷ ይመለሳል። ከማዘዛችሁ በፊት ይህን ከእሷ ጋር ተነጋገሩ።

በመጨረሻም፣ በወረቀት ያልተጻፈው ትልቁ ወጪ ሕጉ ነው። በቤት ሠራተኛ ኢቃማ ለራስ ጥቅም መነገድ በሳዑዲ አይፈቀድም፤ ቅጣቱ እስከ መባረር ሊደርስ ይችላል። በቲክ ቶክ ማስተዋወቅ ወይም በገበያ መዘርጋት፣ በሦስት ቀሚስ ትርፍ የዓመታት ሥራን ማስያዝ ነው። ለዚህ ነው ማኅበራችን ትርፍ ከመያዝ ይልቅ፣ ገንዘብ አዋጥቶ ለራስ የሚሆነውን በጋራ ማዘዝን የሚመክረው። አስሩ ቀሚስ በአስር ሰው ገንዘብ ሲታዘዝ፣ ሁሉም ባለቤት አለው፤ ሻንጣ ውስጥ የሚቀርም የለም።