መያዣው ሲመለስ ሒሳቡ ይጻፍ



ከቦታ ወደ ቦታ በዝውውር የምንኖር የመንግሥት ሠራተኞች ቤት ስንለቅ የምንጨቃጨቅበትን አንድ ጉዳይ በዚህ ዓምድ ለአንባቢያን ለማቅረብ እወዳለሁ። ጉዳዩ ስንገባ ለባለቤቱ የምናስይዘው ገንዘብ ስንወጣ እንዴት ተሰልቶ ይመለሳል የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮች እንዳይደባለቁ እለያለሁ። አንዱ ቅድሚያ ክፍያ ነው። ይህ ኪራይ ስለ ሆነ ተከራዩ በኖረበት ቁጥር እያለቀ ይሄዳል። ሁለተኛው መያዣ ነው። መያዣ በባለቤቱ እጅ ይቀመጥ እንጂ ቤቱ እስኪለቀቅ ድረስ የተከራዩ ገንዘብ ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ ውልም በጽሑፍ እንዲሆን ያዝዛል። ነገር ግን ብዙ ሰው ሁለቱን ክፍያዎች በአንድ ስም «ዲፖዚት» እያለ ስለሚጠራቸው፣ መያዣውን ለመጨረሻው ወር ኪራይ ያደረገው የሚመስለው ተከራይ አለ፤ መያዣውን እንደ ገቢው የሚቈጥር ባለቤትም አለ። ስለዚህ በውሉ ላይ ስማቸው ለየብቻ ቢጻፍ ጠቡ ገና ከመነሻው ይቀንሳል።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ። በመካነ ሰላም አንድ ባልደረባዬ እስከ ነሐሴ 2012 ዓ.ም. ድረስ ሦስት ዓመት ሙሉ በሁለት ክፍል ቤት ተከራይቶ ኖረ። ቤቱ በከተማችን እንደሚበዛው በባሕር ዛፍና በጭቃ የተሠራ፣ ልስኑ በውሃ ቀለም የተቀባ፣ ወለሉ ሊሾ፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው። ኪራዩ በወር 700 ብር ሲሆን መያዣው የሁለት ወር፣ ማለት 1,400 ብር ነበር። በዝውውር ሊሄድ ዕቃውን ጭኖ ቁልፉን ባስረከበ ጊዜ የቤቱ ባለቤት ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ የጻፉትን ሒሳብ ሰጡት። የተሰበረ መስተዋት 150 ብር፤ የግድግዳ ቀለም 640 ብር፤ የበር ቁልፍ 240 ብር፤ የመብራት 60 ብር፤ የተበላሸ ኮርኒስ 200 ብር፤ ጽዳት 120 ብር ይላል። ድምሩ 1,410 ብር ነው። ስለዚህ መያዣው አልቆ ባልደረባዬ የ10 ብር ባለዕዳ ሆነ። አሥሯን ብር ግን ወይዘሮዋ ስለ ጉርብትና ምረውለት ነበር።

ባልደረባዬ ተቈጣ። እኔ ግን ወረቀቱን ባየሁ ጊዜ ወይዘሮዋን አመሰገንሁ። ብዙ ባለቤት «ቤቴን አበላሽተኸዋል፣ ምንም የለህም» ብሎ በሩን ይዘጋል፤ ከዚህ ጋር ደግሞ ክርክር የለም። እርሳቸው ግን እያንዳንዱን ነገር በስሙና በዋጋው ስለ ጻፉት የቱ ትክክል እንደ ሆነና የቱ እንዳልሆነ ለማየት ተቻለ። አንድ የሰፈር ሽማግሌ ተጠሩ፤ እኔም የሒሳብ አስተማሪ ነህ ተብዬ አብሬ ተቀመጥሁ።

መስተዋቱ አላከራከረም። የባልደረባዬ ልጅ በኳስ ሰብሮታል፤ መስተዋቱ 100 ብር ለመግዛቱ ደረሰኝ አለ፤ ገጣሚው 50 ብር ወስዷል። 150 ብሩ እንዳለ ጸና።

የተከራከርነው በቀለሙ ነው። ወይዘሮዋ፣ «ልጄ፣ ስትገባ እንደ ወተት ነጭ ነበረ፤ ዛሬ ምን መስሏል?» አሉት። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ሰው ሦስት ዓመት የኖረበት ግድግዳ፣ በተለይ በእኛ ደጋ ብርድ ከሰል እየነደደ፣ ነጭ ሆኖ አይቆይም። ይህን የመሰለው መጐሳቈል የተከራዩ ጥፋት ሳይሆን የመኖር ውጤት ነው፤ ባለቤቱም ዋጋውን በየወሩ በኪራይ መልክ ተቀብሎታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ቢሆን ተከራይ የተረከበውን ቤት በተረከበው ሁኔታ እንዲመልስ ሲያዝ፣ በደንበኛ አጠቃቀም ወይም በእርጅና ለመጣው ጉዳት ኃላፊ አያደርገውም።

ከአንዱ ግድግዳ ላይ ግን ሌላ ነገር ታየ። ለመደርደሪያ የተመቱት ትልልቅ ሚስማሮች ሲነቀሉ ልስኑን ይዘውት ወርደዋል፤ ከበታቹ ደግሞ ልጁ በከሰል ሥሎበታል። ይህ ከኑሮ የመጣ አይደለም። ሁለቱ ክፍሎች ስምንት ግድግዳ ስላላቸው 640 ብሩ ለስምንት ሲካፈል የአንዱ ድርሻ 80 ብር ነው። ቀጥሎ ሽማግሌው ወይዘሮዋን፣ «ለመሆኑ ቤቱን በስንት ዓመት ያስቀቡታል?» ብለው ጠየቋቸው። «በየአራት ዓመቱ» አሉ። ባልደረባዬ ሲገባ ቀለሙ አዲስ ነበር፤ ከአራቱ ዓመት ሦስቱ አልፏል። እንግዲህ ወይዘሮዋ የጐደለባቸው የቀረው የአንድ ዓመት ቀለም፣ ማለት የ80 ብር ሩብ፣ 20 ብር ብቻ ነው። ሙሉውን ቢወስዱ ኖሮ አሮጌ ቀለም ሰጥተው አዲስ ቀለም በተቀበሉ ነበር። «አንዱን ግድግዳ ብቻ ብቀባ ከሌሎቹ ጋር አይመሳሰልም» ብለው ተከራከሩ፤ ነገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሌሎቹም ቢሆኑ በሚመጣው ዓመት መቀባታቸው ስለማይቀር ያ ወጪ የባለቤቱ ነው።

የቁልፉም ሒሳብ በዚሁ መንገድ ሄደ። ባልደረባዬ ከተረከባቸው ሁለት መፍቻዎች አንዱን ጥሎታል። እርሱ «መፍቻ ማስቀረጽ ርካሽ ነው» ይላል። የጠፋው መፍቻ በማን እጅ እንዳለ ስለማይታወቅ ግን ባለቤቲቱ ቁልፉን በሙሉ መለወጣቸው ተገቢ ነው፤ በዚህ ላይ እኔም ከእርሳቸው ጋር ነበርሁ። ሆኖም ቁልፉ የተገጠመው እርሱ በገባበት ወር ነው፤ እንዲህ ያለው ቁልፍ ስድስት ዓመት ያህል ያገለግላል ተብሎ ስለ ተስማሙ ግማሽ ዕድሜው ቀርቶታል። ከ240 ብር 120 ብር ተያዘ።

መብራቱ አጭር ነገር ነው። በግቢው ያለው ቆጣሪ አንድ ሆኖ ለሦስት አባወራ ያገለግላል፤ የነሐሴ ሒሳብ 180 ብር ስለ መጣ ድርሻው 60 ብር ነው። ባልደረባዬ «እኔ የኤሌክትሪክ ምጣድ የለኝም» ብሎ ነበር። ለሦስት እኩል እንካፈል ብሎ የተስማማው ግን ራሱ ነው፤ ሲወጣ ሊያፈርሰው አይችልም።

ኮርኒሱ ግን ከሒሳቡ ፈጽሞ ወጣ። ባለቤቲቱ የከሰል ጢስ ነው ያበላሸው ብለው ጽፈው ነበር። ሽማግሌው ቀና ብለው አይተው ነገሩን ለዩት። የጢስ ጥላሸት ጥቁር ነው፤ ከምድጃው በላይ ወፍሮ ወደ ዳር እየሳሳ ይሄዳል። የውሃ እድፍ ግን ቡናማ ክብ ሆኖ ጠርዙ ከመካከሉ ይልቅ ይጠቁራል፤ የሚወርድበትም ቦታ የቆርቆሮው ሚስማር ካለበት ትክክል ነው። የዚህ ቤት እድፍ ከሁለተኛው ዓይነት ነበር። የክረምት ዝናብ በላላ ሚስማር ሥር ገብቷል፤ ጣራ መጠገን ደግሞ የባለቤት ግዴታ ነው። ባልደረባዬ በሐምሌ ወር ጣራው እንደሚያፈስ ለወይዘሮዋ መናገሩን ጐረቤት መሰከረለት። ሳይናገር ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ ፍርዱ ይለወጥ ነበር፤ ምክንያቱም ጠብታውን እያየ ዝም ያለ ተከራይ ጉዳቱ ለሰፋበት መጠን ተጠያቂ ይሆናል።

በመጨረሻ ጽዳቱ ቀረ። «ጽዳት» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ሒሳብ ምን እንደ ተጸዳ አይናገርም። ቤቱ ተጠርጎ ነበር የተሰጠው። በኋላ ሲጠየቁ በሊሾው ላይ የፈሰሰ ዘይት ማስለቀቃቸውን ተናገሩ፤ እርሱም ታየ። ሠራተኛ ሳይቀጥሩ ከልጃቸው ጋር ራሳቸው ፈትገውታል። የራስ ድካምም ድካም ስለ ሆነ መቈጠር ይገባዋል፤ ነገር ግን የግማሽ ቀን ሥራ ስለ ነበረ 120 ብሩ ወደ 60 ብር ወረደ።

እንግዲህ የሚያዘው 150፣ 20፣ 120፣ 60 እና 60 ሆኖ ድምሩ 410 ብር መጣ። ከ1,400 ብር ላይ ሲቀነስ ለባልደረባዬ 990 ብር ተመለሰለት፤ ወይዘሮዋም ወረቀቱን እንደገና ጽፈው ሁለቱም ፈረሙበት።

ይህን ሁሉ የቈጠርሁት አንባቢ መንገዱን ለራሱ ቤት እንዲጠቀምበት ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለተለመዱት የቤት ኪራዮች መያዣው በታወቀ የመጠበቂያ ድርጅት ሥር እንዲሆን ሕግ ያስገድዳል፤ ጠብ ሲነሣም የማስረዳቱ ሸክም በባለቤቱ ላይ ነው፤ የምንጣፉና የቀለሙ ዕድሜም እንዲሁ ይታሰባል። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ድርጅት ስለሌለ ሥራው በሁለቱ ሰዎችና በሽማግሌ ላይ ይወድቃል። ሽማግሌ ደግሞ ወረቀት ካላገኘ የሚይዘው የለውም። የባልደረባዬ ዕድል ሆኖ ቀለሙና ቁልፉ መቼ እንደ ገቡ ባለቤቲቱ አልካዱም። ቢክዱ ኖሮ ሩቡም ግማሹም አይታወቅም ነበር። ስለዚህ በመግቢያው ቀን በአንድ ገጽ ላይ የመፍቻዎቹ ብዛት፣ የቆጣሪው ንባብ፣ ቀለሙ የተቀባበት ወር፣ የተሰነጠቀና የጐደለ ነገር ይጻፍና ሁለቱ ይፈርሙበት፤ በስልክም ፎቶግራፍ ይነሣ።

ስለ ጊዜውም አንድ ቃል ልጨምር። አንዳንድ ባለቤት «የመብራት ሒሳብ እስኪመጣ» እያለ መያዣውን በሙሉ ለወራት ይይዘዋል፤ ዝውውር ያገኘው ሠራተኛም ደሴ ወይም ጉንደወይን ሆኖ በስልክ ሲለምን ይሰነብታል። ያልመጣው ሒሳብ ካለፈው ወር ተገምቶ ያ ብቻ ይቀመጥ፤ ለምሳሌ በዚህ ቤት 60 ወይም 70 ብር ቢያስቀሩ በቂ ነበር። የቀረው ግን ከጽሑፉ ጋር ቁልፉ በተረከበበት ሳምንት ለባለገንዘቡ ይሰጥ።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከመካነ ሰላም