ለእንግዳ የማይከብድ የመገናኛ ቅጽ

የመገናኛ ቅጽ ጎብኚው ስሙን፣ አድራሻውንና ጥያቄውን ጽፎ «ላክ» ሲል መልእክቱን ለድረ ገጹ ባለቤት የሚያደርስ የገጹ ክፍል ነው። የሚታዩት የመጻፊያ ሳጥኖች ግማሹ ብቻ ናቸው። ሌላው ግማሽ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ፕሮግራም ሲሆን፣ የተጻፈውን ተቀብሎ ወደ ኢሜይል የሚለውጠው እሱ ነው። አላስፈላጊ መልእክት የሚረጩ ሮቦቶች የሚፈልጉትም ይህንኑ ፕሮግራም ነው። ሮቦቱ ገጹን እንደ ሰው አያነብም። ኮዱን ቃኝቶ ሳጥኖቹን ይለያል፣ ያገኘውን ሁሉ ይሞላል፣ ወዲያው ይልካል።

ጎንደር ውስጥ ስምንት ክፍል ያለው አንድ የእንግዳ ማረፊያ ለምሳሌ ይወሰድ። ለጥምቀት ከአዲስ አበባ፣ ከዋሽንግተንና ከቴል አቪቭ የሚመጡ እንግዶች ከወራት በፊት ክፍል ይጠይቃሉ። ባለቤቱ በየቀኑ ሃያ የማይረባ መልእክት ቢደርሰው የሚያጠፋው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ አንድ የእውነት ጥያቄ ቢጠፋበት ግን የአንድ ሳምንት የክፍል ኪራይ ያጣል። ስለዚህ የመከላከያው ሸክም መውደቅ ያለበት ሮቦቱ ላይ እንጂ እንግዳው ላይ አይደለም። ብዙ ድረ ገጾች ይህን ገልብጠው ይሠራሉ።

የኢሜይል አድራሻን በግልጽ ገጹ ላይ መጻፍ ቀላሉ መንገድ ይመስላል። ነገር ግን አድራሻ ለቃሚ ሮቦቶች አንዴ ካገኙት ከእጅ ወደ እጅ ይሸጋገራል፤ ከዚያ በኋላ ከገጹ ቢነሣም መመለሻ የለውም። የቅጹ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ መልእክቱ የሚሄድበት አድራሻ ሰርቨሩ ላይ ብቻ ስለሚቀመጥ ከውጭ አይታይም።

ቅጹ አራት ነገር ቢጠይቅ ይበቃዋል፤ ስም፣ ኢሜይል ወይም ስልክ፣ የሚመጡበት ቀን፣ መልእክት። ስም የሚቀበለው ሳጥን የላቲን ፊደል ብቻ እንዲቀበል ተደርጎ ከተሠራ «ወርቅነሽ» ብሎ የጻፈ ሰው «ስምዎ ትክክል አይደለም» ተብሎ ይመለሳል። ከሌላ አገር የተወሰደ ዝግጁ ቅጽ ላይ ይህ ያጋጥማል። ስልክም እንዲሁ ነው፤ በ09፣ በ07፣ በ+251 ወይም በሌላ አገር መለያ ቁጥር ሊጀምር ስለሚችል አንድ ቅርጽ ብቻ ማስገደድ እንግዳ መመለስ ነው።

ሮቦትን ለመያዝ ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ ወጥመድ ነው። ቅጹ ውስጥ ለሰው የማይታይ አንድ ተጨማሪ ሳጥን ይገባል። ሰው ስለማያየው ባዶ ይተወዋል፤ ኮዱን የሚያነበው ሮቦት ግን ይሞላዋል። ሰርቨሩ ሳጥኑ ተሞልቶ ካገኘው መልእክቱን ይጠረጥራል።

```html
<div style="position:absolute; left:-9999px" aria-hidden="true">
  <input type="text" name="extra_note_2"
         tabindex="-1" autocomplete="off">
</div>
```

ሳጥኑ ከስክሪኑ ውጭ የተገፋው `type="hidden"` የተባለውን ብዙ ሮቦቶች ለይተው ስለሚያልፉት ነው። `tabindex` በቁልፍ ሰሌዳ ብቻ የሚሄድ ሰው ሳጥኑ ውስጥ እንዳይገባ ያደርጋል፤ `aria-hidden` ደግሞ ማየት ለተሳናቸው ጽሑፍ የሚያነብላቸው ሶፍትዌር ሳጥኑን እንዲዘለው ይነግረዋል። አደገኛው ስሕተት የስያሜው ነው። የሳጥኑ ስም `phone` ወይም `email2` ከተባለ፣ የእንግዳውን አድራሻ ይዞ የሚሞላው ብሮውዘር ወጥመዱንም ሊሞላው ይችላል፤ እውነተኛው ሰው ሮቦት ተብሎ ይቀራል። ስሕተቱን ለማወቅ መንገዱ አንድ ነው። አድራሻ በራሱ የሚሞላ ስልክ ይዞ ቅጹን እንደ እንግዳ ሆኖ መሙላትና መልእክቱ መድረሱን ማየት።

ሁለተኛው ዘዴ ጊዜ ነው። ገጹ ከተከፈተበት ቅጽበት ጀምሮ በሦስት ሰከንድ ውስጥ የተላከ መልእክት የሰው ሊሆን አይችልም። ሦስተኛው የሊንክ ብዛት ነው፤ ክፍል የሚጠይቅ ሰው ሦስት ሊንክ አያስቀምጥም። ከአንድ አይፒ አድራሻ የሚመጣን መልእክት መገደብም የተለመደ ነው፤ ነገር ግን በሞባይል ኔትወርክ ብዙ ሰዎች አንድ አይፒ ስለሚጋሩ ገደቡ ጠበቅ ካለ ንጹሐንን ይቀጣል። በሦስቱም የተጠረጠረውን መደምሰስ አያስፈልግም። ለብቻው ማኅደር ውስጥ ተቀምጦ በሳምንት አንዴ ቢታይ፣ ማጣሪያው ሰው እየመለሰ መሆኑ የሚታወቀው እዚያ ነው።

የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች ምረጡ የሚለው ፈተና፣ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካፕቻ ብለው የሰየሙት ዘዴ ዘር ነው። መምጣት ያለበት ግን መጨረሻ ላይ እንጂ መጀመሪያ ላይ አይደለም። ሥዕሎቹ ከሌላ ኩባንያ ሰርቨር ስለሚመጡ ኔትወርክ ሲደክም አይከፈቱም፤ እንግዳውም ጽፎ የጨረሰውን ጥሎ ይሄዳል። ወጥመዱና ጊዜው ካልበቁ ብቻ ይጨመር።

ብዙውን ጊዜ መልእክት የሚያጠፋው ግን ሮቦትም ማጣሪያም አይደለም፤ የላኪው አድራሻ ነው። ባለቤቱ «መልስ» ሲል በቀጥታ ለእንግዳው እንዲሄድለት ብለው ባለሙያዎች የእንግዳውን ኢሜይል `From` ላይ ያስገባሉ። የጂሜል አድራሻ ከጂሜል ሰርቨር ሳይሆን ከማረፊያው ሰርቨር ሲመጣ ተቀባዩ አስመስሎ መላክ አድርጎ ይወስደዋል። ያሁ ከ2014 ጀምሮ በስሙ በሌላ ሰርቨር የሚላክ ኢሜይል ውድቅ እንዲደረግ አውጇል። ትክክለኛው አሠራር `From` ላይ የማረፊያውን የራሱን አድራሻ፣ `Reply-To` ላይ የእንግዳውን ማድረግ ነው። ለእንግዳው «መልእክትዎ ደርሶናል» የሚል መልስ በራሱ የሚሄድ ከሆነም የጻፈው ጽሑፍ ውስጡ እንዳይደገም፤ ካልሆነ ሮቦቱ የሌላ ሰው አድራሻ እያስገባ ማስታወቂያውን በማረፊያው ስም ያስልካል።

ከቅጹ ጋር ገጹ ላይ የሚቀመጠው ካርታም ሌላ ጣጣ አለው። ገጹ ውስጥ የሚገባ ካርታ ከቅጹ ሁሉ የከበደ ዳታ ይጎትታል፤ ስለዚህ `loading="lazy"` ተጨምሮበት ጎብኚው እስኪደርስበት እንዳይጫን ማድረግ፣ ከዚያም የሚሻለው ስልኩ ላይ ያለውን ካርታ የሚከፍት ሊንክ ማስቀመጥ ነው።

```text
https://www.google.com/maps/search/?api=1&query=12.608,37.469
```

ይህ ነጥብ የፋሲል ግቢ አካባቢ ነው። ከነጥቡ በኋላ ሦስት አኃዝ ሲኖር ልዩነቱ መቶ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ አምስት ሲሆን ወደ አንድ ሜትር ይጠብባል። የቤት በር ለማሳየት አምስቱ ያስፈልጋሉ። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር በማይሠራበት ከተማ ግን ካርታው ብቻውን አያደርስም። ከፒያሳ በየት በኩል እንደሚታጠፍ፣ የባጃጅ ሹፌር የትኛውን ምልክት ቢነገረው እንደሚያውቅ በሁለት ዓረፍተ ነገር ሥሩ ይጻፍ። ያ ጽሑፍ ኔትወርክ በሌለበትም ይነበባል።

ለማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎቹ የሚሰጡት ተንቀሳቃሽ ሳጥን አያስፈልግም፤ ገጹን ያዘገያል፣ ጎብኚውንም ይከታተላል። ተራ ሊንክ ይበቃል። የቴሌግራም `t.me/` ብሎ የመለያ ስሙን ያስከትላል። የዋትስአፕ `wa.me/` ሲሆን ቁጥሩ ያለ + ምልክትና ያለ ዜሮ በ251 ይጀምራል፤ 09 ብሎ የጀመረ ሊንክ አይሠራም፣ ስሕተቱንም ማንም ለባለቤቱ አይነግረውም። የማረፊያውን ስም አስመስለው ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቁ ገጾች ቢነሡ እንግዳው እውነተኛውን የሚለየው ከድረ ገጹ በሚነሣው ሊንክ ነው። ባለቤቱ የማይከፍተው አካውንት ሊንክ ከሁሉም በፊት ይነሣ፤ እዚያ የተጻፈ ጥያቄ መልስ አያገኝምና።