«ሥራ ማለት ኃይል ሲባዛ ርቀት ነው፣ በቃ!» ለሚሉን መምህር

የእህቴ ልጅ 11ኛ ክፍል ናት። ሰሞኑን የፊዚክስ ፈተና ወረቀቷን ይዛ መጣችና «አጎቴ፣ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?» አለችኝ። ጥያቄው ላይ ትልቅ ቀይ ኤክስ አለ። እሷ 3 ጁል ብላለች፣ መምህሩ 4 ነው ብለዋል። ደጋግሜ አየሁት። ልጅቷ አልተሳሳተችም!

ጥያቄው ይኸው፦ አንድን ሞላ 1 ሜትር ለመሳብ 200 ኒውተን በሚጠይቅ ልክ ይጠነክራል እንበል (k = 200 N/m)። አሁን 10 ሳንቲ ሜትር ተስቧል። 20 ሳንቲ ሜትር ለማድረስ ስንት ተጨማሪ ሥራ ያስፈልጋል?

መምህሩ ጋ ደወልኩ። በትህትና ነው የጠየቅኳቸው። «20 ሳንቲ ሜትር ላይ ኃይሉ 40 ኒውተን ነው። የተጓዘው 0.1 ሜትር ነው። ሲባዛ 4 ጁል። ሥራ ማለት ኃይል ሲባዛ ርቀት ነው፣ በቃ!» አሉኝ።

በቃ አይደለም፣ መምህር። ይቺ ማባዛት የምትሠራው ኃይሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ሲሆን ነው። ውኃ የሞላ ጀሪካን ከመሬት ወደ ጠረጴዛ ቀስ ብለው ሲያነሱ ክብደቱ መጀመሪያም መጨረሻም ያው ነው፣ ስለዚህ ያባዙ። ሞላ ግን እየተሳበ በሄደ ቁጥር ይከብዳል። ይሄን ሮበርት ሁክ በ1678 እ.ኤ.አ. ጽፎ አስቀምጦታል። ሥጋ ቤት የሚንጠለጠለውን የሞላ ሚዛን ያየ ሰውም ያውቀዋል፤ በኪሎዎቹ መሀል ያለው ርቀት እኩል የሆነው እኮ ሞላው ክብደቱ በጨመረው ልክ ስለሚረዝም ነው።

እና 10 ሳንቲ ሜትር ላይ እጃችን የሚስበው በ20 ኒውተን ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲደርስ 40። በመሀል ቀስ በቀስ፣ በእኩል ደረጃ ይጨምራል። ስለዚህ በአማካይ የሳብነው በ30 ኒውተን ነው። 30 ሲባዛ 0.1፣ 3 ጁል። የእህቴ ልጅ ያለችው ይሄንኑ ነው። መምህሩ 40 ብለው ሲያባዙ፣ እጃችን የመጨረሻዋ ነጥብ ላይ ብቻ ያወጣውን ኃይል መንገዱን ሙሉ አውጥቷል እያሉ ነው።

ያላመነ ሌላ መንገድ ልስጠው። ከዜሮ እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ያለው ሥራ በ½kx² ሲሰላ 1 ጁል ነው። ከዜሮ እስከ 20 ደግሞ 4 ጁል። ከ4 ላይ 1 ሲቀነስ 3። እንግዲህ የሁለተኛው 10 ሳንቲ ሜትር ብቻውን 4 ከሆነ፣ የመጀመሪያው 10 ሳንቲ ሜትር በነፃ ተሳበ ማለት ነው! ማነው ሞላን በነፃ የሚስበው?

ክፍሏ ውስጥ 1 ጁል ያሉ ልጆችም አሉ። እነሱ ቀመሩን ሸምድደው x የሚለው ቦታ ላይ 0.1 ከተቱ። x የሚለካው ሞላው ካልተሳበበት ቦታ እንጂ እኛ ከጀመርንበት አይደለም። የእነሱ ስህተት ከመምህሩ ስህተት ጋር እናቱ አንድ ናት፦ ኃይሉ መንገድ ላይ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ቁጥር መክተት።

መምህሩ ግን አልተረቱም። «4 ኪሎ አንጠልጥልበት፣ 20 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ይቆማል። 40 ኒውተን ሲባዛ 0.2፣ 8 ጁል። ያንተ ቀመር ግን 4 ይላል። ግማሹ የት ገባ?» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እውነቴን ነው። መልሱ ግን የሚረዳው እሷን ነው። ክብደቱን አንጠልጥለው ድንገት ከለቀቁት 20 ላይ አይቆምም፤ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ይመለሳል፣ ይወዛወዛል። 20ን ሲያልፍ 4 ጁል ሞላው ውስጥ ነው፣ ሌላው 4 በሩጫው ውስጥ ነው፣ እሱም በኋላ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። በእጅ ደግፈው ቀስ ብለው ካወረዱት ደግሞ ያንን 4 ጁል የያዘው እጅዎ ነው። ሞላው በሁለቱም መንገድ 4 ብቻ ነው የበላው።

ገደብም አለው፣ ልደብቅ አልፈልግም። ሞላውን ከመጠን በላይ ስበው ሲለቁት ወደ ርዝመቱ ካልተመለሰ ½kx² አይሠራም። የፀጉር ላስቲክም በዚህ ቀመር በትክክል አይሰላም። የፈተናው ሞላ ግን ቋሚ k ተሰጥቶታል፣ ማምለጫ የለም።

ማርኩ ብዙም አያበሳጨኝም ነበር። ያበሳጨኝ፣ ልጅቷ ቤት እንደደረሰች 3ቱን ሰርዛ በእርሳስ 4 ብላ ማረሟ ነው። ትክክል የነበረውን! መምህር ይሄን ካነበቡት፣ ማርኩን ይመልሱላት። ካልሆነም ቀላል ነው፦ አንድ የሞላ ሚዛን ክፍል ይዘው ይግቡና ልጆቹ ራሳቸው ይሳቡት። የቱ 10 ሳንቲ ሜትር እንደሚከብድ እጃቸው ይነግራቸዋል።